ኩባያው ያየው ያለፈውን ቅዳሜ ነው፦ ስለ ዕፅ ምርመራ ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

«የሽንት ምርመራ አይዋሽም። ሠራተኛው ፖዘቲቭ ከወጣ፣ ሥራ ላይ እያለ ደንዝዞ ነበር ማለት ነው።»

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጋር ብዙም አልጣላም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወለድም። ጽሑፉን ሳነብ ደጋግሞ ያስቸገረኝ ይኸው ነው። አንድ እውነት ይይዝና ያልወለደውን ልጅ ያስታቅፈዋል።

ዘጠኝ ዓመት ናሙና ስቀበል ኖሬያለሁ። ሥራዬ ኩባያ መስጠትና ኩባያ መቀበል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ከኩባያው ልጀምር።

ሰውየው ሲመጣ ኪሱን ያራግፋል፣ እጁን ይታጠባል። መጸዳጃው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል። ከዚያ ቀድቶ ሽንቱን እንዳያቀጥን ነው። በሩን ዘግቶ ይገባል፣ ኩባያውን ይዞ ይወጣል። ኩባያው ጎን ላይ የሙቀት ጠቋሚ ተለጥፏል። በ4 ደቂቃ ውስጥ ማንበብ አለብኝ። ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላሳየ ሽንቱ አሁን ከሰውነት የወጣ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ይነሳል። ልክ ከሆነ እሱ እያየ በሁለት ጠርሙስ እከፍለዋለሁ፤ በአንዱ 30፣ በሌላው 15 ሚሊሊትር። ሁለተኛው ጠርሙስ ክርክር ከተነሳ የሚከፈት ነው። አሽጋለሁ፣ እሱ ማሸጊያው ላይ ይፈርማል፣ የርክክብ ቅጹ ይሞላል። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የሚያዘው ይህንን ነው፤ እኛም የምንሠራው በዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽንቱ የዚህ ሰው መሆኑን። ቅጹ ላይ «ሰውየው ደንዝዟል» ወይም «አልደነዘዘም» የሚል ሳጥን የለም። ኖሮም አያውቅም።

ቀጥሎ ላብራቶሪ ይገባል። ጽሑፉ ስለ ካናቢስ ስለሚያወራ እኔም እዚያው ልቆይ። የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ሽንት ውስጥ የሚፈለገው ግን ቲኤችሲ አይደለም። የሚፈለገው ጉበት ቲኤችሲን ሰባብሮ የሚያስቀረው ካርቦክሲ-ቲኤችሲ የሚባል ቅሪት ነው። ይህ ቅሪት አያሰክርም፣ አያፈዝዝም፣ ምንም አያደርግም። አመድ በለው። አመድ ያለበት ምድጃ እሳት ነዶበት እንደነበር ያሳያል። አሁን እጅህን ብትከት ያቃጥልህ እንደሆነ ግን አይነግርህም።

አመዱ ደግሞ ቶሎ አይጠረግም። ቲኤችሲ ስብ ይወዳል። ሰውነት ውስጥ ስብ ባለበት ተደብቆ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። አልፎ አልፎ የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራት ቀን ፖዘቲቭ ይወጣል። በየቀኑ ሲያጨስ የኖረ ሰው ካቆመ በኋላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናቁም። ሁለቱም ፎርክሊፍት ይነዳሉ።

የመጀመሪያው ለዓመታት በየማታው ሲያጨስ ኖሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ተወው። ሰኞ ጠዋት በደንብ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ጠርቶ መጣ። ሽንቱ ለመጀመሪያው ምርመራ ቀረበ። ወሰኑ 50 ናኖግራም በሚሊሊትር ነው፤ አለፈው። ለማረጋገጫው በማስ ስፔክትሮሜትሪ ተለካ። እዚያ ወሰኑ 15 ነው፤ የእሱ 38 ሆኖ ወጣ። ፖዘቲቭ ተባለ።

ሁለተኛው ከዚህ በፊት አጭሶ አያውቅም። ዛሬ ጓደኛው ሰጠውና ከግማሽ ሰዓት በፊት መኪና ማቆሚያው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳበ። አሁን ጦዟል። ሹካውን ከፓሌቱ ሥር ማስገባት አቅቶት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። ኩባያ ስሰጠው ይስቃል። ሽንቱ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ የመውጣት ዕድሉም ሰፊ ነው። ቅሪቱ ተሠርቶ፣ በኩላሊት ተጣርቶ፣ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ ከወሰኑ በላይ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳልና። ከፍተኛው መጠን የሚታየውም ስካሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ጤነኛው ወደቀ፣ የጦዘው አለፈ። ማሽኑ ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበር። ማንም አልዋሸም። የተጠየቀው ጥያቄ ነው ሌላ።

በነገራችን ላይ «አይዋሽም» የሚለውም ቢሆን ለሙሉው ሂደት እንጂ በቦታው ለሚነበበው ስትሪፕ አይሠራም። ስትሪፑ የመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ ነው። ቅሪቱን እንዲይዝ ስትሪፑ ላይ የተደረገው ፀረ-እንግዳ አካል የሚመሳሰሉ ነገሮችን አብሮ ይይዛል። አነባበቡም ሰው እንደሚገምተው አይደለም። መስመር ከታየ ኔጌቲቭ ነው፤ ቢደበዝዝም እንኳ መስመር መስመር ነው። ፖዘቲቭ የሚባለው ከነጭራሹ መስመሩ ሲጠፋ ነው። የደበዘዘ መስመር አይተው «ትንሽ ፖዘቲቭ ነው» ብለው ሰውን ወደ ቤቱ የሸኙ አለቃ በዓይኔ አይቻለሁ። ማረጋገጫው የሚላከው፣ ውጤቱን ደግሞ ሐኪም የሚገመግመውና ሰውየውን «የታዘዘልህ መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

«የናኖግራሙ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ሰውየው የበለጠ ደንዝዟል። ቁጥሩ በሳምንቱ ውስጥ ከጨመረ ደግሞ በድጋሚ ወስዷል ማለት ነው።»

ሽንት ደም አይደለም። የጠጣኸው ውሃ ያቀጥነዋል፣ ያላበህ ላብ ያወፍረዋል። ያው አመድ በአንድ ጠርሙስ ውሃ ሲበጠበጥና በአንድ ባልዲ ሲበጠበጥ መልኩ ይለያያል፤ አመዱ ግን ያው ነው።

ለዚህ ላብራቶሪው ክሬአቲኒን ይለካል። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ነው። መጠኑ ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይዋዥቅም። ስለዚህ ሽንቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ይናገራል። በፌዴራሉ ደንብ ክሬአቲኒን በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ሲወርድ፣ የሽንቱ ጥግግትም አብሮ ከቀነሰ፣ ናሙናው «የቀጠነ» ይባላል።

አንድ ስሌት እንሥራ። ከላይ ያልነው ሠራተኛ ሰኞ ከሰዓት ውሃ ሲጠጣ ውሎ ናሙና ሰጠ እንበል። ካርቦክሲ-ቲኤችሲው 40 ናኖግራም በሚሊሊትር፣ ክሬአቲኒኑ 40 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ፣ በድጋሚ ሰጠ። አሁን 120 ናኖግራም ወጣ፤ ክሬአቲኒኑ 200። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሦስት እጥፍ ጨምሯል ይላል። «ረቡዕ ማታ አጭሷል» ብሎ የስንብት ደብዳቤ ይጽፋል።

ክሬአቲኒኑን እናስገባ። የሰኞው 40 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 0.4 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው። 40 ለ0.4 ሲካፈል 100 ናኖግራም ለአንድ ሚሊግራም ክሬአቲኒን ይመጣል። የሐሙሱ 120 ለ2.0 ሲካፈል 60 ነው። ከ100 ወደ 60 ወረደ እንጂ አልጨመረም። ሰውየው እየጠራ ነው። በወረቀቱ ላይ ግን እየባሰበት ይመስላል።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው ምርመራና ማረጋገጫው ራሳቸው አንድ ነገር አይለኩም። ብዙ ሰው «ለምን መጀመሪያ 50፣ በኋላ 15? ሁለተኛው ላይ ወሰኑን አወረዱብኝ» ብሎ ይቆጣል። መጀመሪያው ተቀራራቢ ቅሪቶችን አንድ ላይ ጠራርጎ ይቆጥራል። ሁለተኛው ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ለይቶ ይመዝናል። ስለዚህ ያው ሽንት በሁለተኛው ላይ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ወሰኑም በዚያው ልክ ዝቅ አለ፤ ተንኮል የለበትም።

«በአንጻሩ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ዳር የሚያደርገው ትርኢት ነው። መስመር ላይ ሂድ፣ ጣቴን ተከተል፣ በአንድ እግር ቁም። ላብራቶሪ የሌለበት ግምት።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ አብረውኝ አሉ። ቀሪውን ግማሽ ግን ገደል ውስጥ ነድተውታል።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ከሜዳ አልተነሱም። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጥናት አሠርቶ፣ ፖሊሶች በየፊናቸው ሲያደርጓቸው ከነበሩት ብዙ ፈተናዎች መካከል የተሻሉት ሦስቱ ተመርጠው አሠራራቸው ወጥ ሆነ። የመጀመሪያው የዓይን ነው። ፖሊሱ ብዕር ወይም ጣቱን ከፊትህ በዝግታ ወደ ጎን ያንቀሳቅሳል፣ አንተ ጭንቅላትህን ሳታዞር በዓይንህ ትከተላለህ። የሚያየው ዓይንህ ሲንሸራተት እንደ መንገጭገጭ የሚለው ነገር ነው። በአንድ ዓይን ሦስት፣ በሁለቱ ስድስት ምልክት ይፈልጋል፤ አራት ካገኘ ይመዘግባል። ሁለተኛው ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ ዘጠኝ እርምጃ ሄደህ፣ ዞረህ፣ ዘጠኝ መመለስ ነው። ሦስተኛው አንድ እግርህን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስተህ 30 ሰከንድ መቆም ነው። በኋለኞቹ ሁለት ላይ ሁለት ሁለት ምልክት በቂ ነው።

አንድ ጊዜ በፖሊሶች ሥልጠና ላይ በፈቃደኝነት ተፈታኝ ሆኜ ቆሜ ነበር። አንድ ጠብታ አልጠጣሁም። መሬቱ ደረቅ ነው፣ መብራት አለ፣ የሚያስፈራ ነገር የለም። መመሪያው ተነግሮ ሳያልቅ መራመድ ጀመርኩ። አንድ ምልክት። ስዞር እጄን ትንሽ ከፍ አደረግኩ። ሁለት። ፈተናውን ወደቅኩ! ሠልጣኙ ፖሊስ አፍሮ አየኝ፤ እኔ ከእሱ የባሰ አፈርኩ።

ስለዚህ «ግምት ነው» ሲሉ ይገባኛል። ግን ምን የሚገምት ግምት ነው? ፈተናዎቹ ሲጠኑ የተወዳደሩት ከደም ውስጥ የአልኮል መጠን ጋር ነው፤ መጀመሪያ ከ0.10 በመቶ፣ በኋላ ከ0.08። የመንዳት ችሎታን በቀጥታ አልለኩም፤ ለካናቢስም አልተሠሩም። ይህ ልዩነት በተግባር ይታያል። የዓይኑ ምልክት በአልኮልና አንጎልን በሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶች ይመጣል፤ በካናቢስ ግን አይመጣም። ካናቢስ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ በሚቀርብ ጣት ላይ አብረው ማተኮር ሊያቅታቸው ይችላል። የአልኮሉን ፈተና ይዞ ካናቢስ የሚፈልግ ፖሊስ፣ ዋናውን መሣሪያውን ለማይሠራበት ነገር ይዞ ወጥቷል።

ምን ያህል እንደሚስት የሚያሳይ ጥሩ ሙከራ አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። 184 ካናቢስ ተጠቃሚዎች ተሳተፉ። በዕጣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቲኤችሲ ያለበት፣ ሌሎቹ ቲኤችሲው የወጣለት ሲጋራ አጨሱ። የሠለጠኑ ፖሊሶች ማን ምን እንዳጨሰ ሳያውቁ ፈተኗቸው። ከአንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ቲኤችሲ ካጨሱት 81 በመቶውን «ብቃታቸው ቀንሷል» አሉ። ቲኤችሲ የሌለበትን ካጨሱትስ? 49 በመቶውን። ከሁለት ሰው አንዱን ማለት ይቻላል! ፖሊሶቹ ብቃታቸው ቀንሷል ካሏቸው ሰዎች ውስጥ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ቲኤችሲ አጭሰዋል ብለው ጠርጥረው ነበር።

ይህን ቁጥር ለጸሐፊው በነጻ እሰጣቸዋለሁ። ጠቅሰውት ቢሆን ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

የሳቱት ግን ይህን ነው። የመንገድ ዳሩ ፍተሻ በሦስቱ ፈተናዎች አይጀምርም። መኪናው ገና እየሄደ ነው የሚጀምረው። መስመር ሳተ ወይ? መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ቀረ ወይ? ቁም ሲባል ለመቆም ምን ያህል ፈጀበት? ከዚያ በመስኮቱ በኩል ንግግሩ፣ ሽታው፣ መንጃ ፈቃድ ሲጠየቅ እጁ ምን እንዳደረገ። ፈተናዎቹ ሦስተኛው ምዕራፍ ናቸው። ፖሊሱ የሚያቀርበው ማስረጃ የሁሉም ድምር ነው፤ በሰዓትና በደቂቃ የተጻፈ ድምር። ሠላሳ ሰከንዱን ብቻ ነጥሎ መሳቅ ቀላል ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሥልጠና ያላቸው ፖሊሶችም አሉ። መነሻቸው ሎስ አንጀለስ ነው። 12 ደረጃ ያለው ምርመራ ያደርጋሉ፤ የልብ ምት ሦስት ጊዜ፣ የደም ግፊት፣ በተለያየ ብርሃን የዓይን ብሌን ስፋት፣ የጡንቻ ሁኔታ። የሕመም ምልክትም ይፈልጋሉ፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው የሰከረ ይመስላልና። የላብራቶሪ ናሙና ስንተኛው ደረጃ ይመስላችኋል? አሥራ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው። መጀመሪያ ሰውየውን አይተው ብቃቱ ቀንሷል ይላሉ፤ ከዚያ ላብራቶሪው ምክንያቱን ይናገራል። ሥራ ቦታ ላይ የምንሠራው ግልባጩን ነው። ከናሙና ተነስተን ሰውየውን ሳናየው እንፈርድበታለን።

«ለማንኛውም አሁን የምራቅ መመርመሪያ መጥቷል። እንደ አልኮሉ ለካናቢስም አንድ ቁጥር ይቀመጥና ነገሩ ይለቅ።»

የምራቁ ነገር ከሽንቱ ይሻላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ምራቅ ውስጥ የሚፈለገው ቲኤችሲው ራሱ ነው፣ አመዱ አይደለም። ሲጨስ አፍ ውስጥ ስለሚቀር ቅርብ ጊዜን ያሳያል፤ በሳምንታት ሳይሆን በሰዓታት የሚቆጠር። ፖሊስ ፊት ለፊት ስለሚወሰድ ለማጭበርበርም ያስቸግራል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ መንገድ ላይ ትጠቀምበታለች፤ ብሪታንያ ከ2015። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም በ2023 ለሥራ ቦታ ምርመራ ፈቅዶታል።

ነገር ግን ምራቅ የሚናገረው «በቅርቡ አፉ ውስጥ ነበር» ብሎ ነው። አሁንም ስለ መኖር እንጂ ስለ መደንዘዝ አያወራም። ካናቢስ አፍ ስለሚያደርቅ ናሙናው ራሱ አንዳንዴ አልሞላ ይላል። ሰውየው ምላሱ ላይ ስፖንጁን ይዞ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ፣ ጠቋሚው ቀለም አልቀይርም ሲል ማየት ነው።

አንድ ቁጥር ይቀመጥ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፉ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። አልኮል ለምን ቁጥር ሆነለት? ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ሰውነት ውስጥ ውሃ ባለበት ሁሉ እኩል ይሰራጫል። ደም ውስጥ ያለው፣ ትንፋሽ ውስጥ ያለው፣ አንጎል ውስጥ ያለው ተያይዞ ይወጣል፣ ተያይዞ ይወርዳል። አወራረዱም አንድ ወጥ ነው ማለት ይቻላል፤ በሰዓት ከ0.015 እስከ 0.02 በመቶ ገደማ። ፖሊሱ 15 ደቂቃ ጠብቆ፣ አፍ ውስጥ የቀረው ከጠፋ በኋላ ትንፋሽ ቢለካ፣ የሚያገኘው ቁጥር አሁን አንጎል ከሚያየው ብዙም አይርቅም።

ቲኤችሲ ግን ከደም ይሸሻል። ሰውየው ሲያጨስ ደሙ ውስጥ በደቂቃዎች ጣሪያ ይነካል፤ ገና አጭሶ ሳይጨርስ ወይም እንደጨረሰ። ከዚያ ወደ አንጎልና ወደ ስብ ስለሚገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጣሪያው ወደ ትንሽ ክፋይ ይወርዳል። ስካሩ ግን ያኔ ገና መሃል ላይ ነው፤ ሰዓታት ይቀጥላል። ሾፌሩ ቆመ፣ ተጠረጠረ፣ ጣቢያ ሄደ፣ ደም የሚቀዳ ባለሙያ እስኪመጣ ተጠበቀ። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ እንበል። ደሙ ውስጥ የተገኘው ትንሽ ነው፤ መንገድ ላይ የነበረው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ከቀናት በኋላም ከስቡ የሚንጠባጠበው ቲኤችሲ ደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የብሪታንያ ወሰን በሊትር ደም 2 ማይክሮግራም ነው። ዋሽንግተንና ኮሎራዶ በሚሊሊትር 5 ናኖግራም ይላሉ፤ በሌላ አነጋገር በሊትር 5 ማይክሮግራም። ሦስት የሆነበት ሰው አንዱ ጋ ወንጀለኛ፣ ሌላው ጋ ከወሰን በታች ነው። አንጎሉ ግን ድንበር አልተሻገረም። እነዚህ ቁጥሮች የፖሊሲ ውሳኔዎች ናቸው። ፖሊሲ መወሰን ምንም ክፋት የለውም፤ «ሳይንስ የደረሰበት የስካር ልክ» ብሎ መሸጥ ነው ችግሩ። የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት የደም ቲኤችሲ መጠንና የብቃት መቀነስ አብረው እንደማይሄዱ ጽፏል።

«ስለዚህ አሠሪዎች በሽንቱ ይቀጥሉ፤ ትራፊክም ያንኑ ይጠቀም።»

ትራፊክ በሽንት ቢሠራ ከሁለት ሳምንት በፊት ያጨሰው ሰው ይታሰራል፣ አሁን ያጨሰው ጀማሪ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለቱን ፎርክሊፍት ነጂዎች ወደ አውራ ጎዳና ማውጣት ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሠሪዎችን በተመለከተ ግን ሽንቱ ቦታ አለው። ድርጅቱ «እዚህ የሚሠራ ሰው ዕፅ አይጠቀም» የሚል ደንብ ካለውና ሠራተኛው አውቆ ከፈረመ፣ ደንቡ መጣሱን በማስረጃ ለማሳየት ከሽንት የሚሻል ጥቂት ነው። ሰፊ ጊዜ ስለሚሸፍን ከመቀጠር በፊትና በድንገተኛ ዕጣ ለሚደረግ ምርመራም ይመቻል። የሚያሳየው ግን ደንብ መጣሱን ነው። ክሱም «ደንብ ጥሰሃል» ይበል እንጂ «ሰክረህ ነድተሃል» አይበል። ሁለቱን ሲቀላቅሉ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ደንብ አውጪዎቹ ልዩነቱን እንደሚያውቁ የሚያሳይ ነገር ላንሳ። በአሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር አደጋ ካደረሰ በኋላ የአልኮል ምርመራው በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተደረገ ይተዋል። የዕፅ ምርመራው ግን እስከ 32 ሰዓት ይፈቀዳል። የአልኮሉ ቁጥር አደጋው ሲደርስ ስለነበረው ሁኔታ ስለሚናገር ጊዜው ካለፈ ዋጋ የለውም። የዕፁ ሽንት ስለዚያች ደቂቃ መጀመሪያውኑ አይናገርም፤ ስለዚህ በማግስቱም ቢወሰድ ብዙ አይጎድልበትም።

ታዲያ አሠሪ «አሁን ደንዝዟል» የሚለውን ማወቅ ከፈለገ ምን ያድርግ? የመንገድ ዳሩን ዘዴ ይዋስ። እዚያው ደንብ ውስጥ ለአለቆች የተቀመጠ ሥልጠና አለ፤ አንድ ሰዓት ስለ አልኮል፣ አንድ ሰዓት ስለ ሌሎች ዕፆች ምልክት። ከሥልጠናው በኋላ አለቃው ያየውን ይጽፋል። «የሰከረ ይመስላል» ብሎ አይደለም። «10:20 ላይ ሹካውን ሦስት ጊዜ ፓሌቱ ላይ መታ። 10:25 ላይ ሳናግረው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ሁለተኛ ምስክር ይህን አይቷል» ብሎ ነው። ከዚያ ማሽኑን አስቁሞ ወደ እኔ ይልከዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው ብቻውን ይመጣል፣ ወረቀት የለውም። «ለምን ተላክህ?» ስለው ትከሻውን ይነቀንቃል። ለአለቃው እደውላለሁ። «ያው ስታየው ይገባሃል፣ አንተ መርምረው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ያለኝ ኩባያ ነው።